በቦስተን የተቀጣው ነጋዴና የዌበር ሙግት

ጥያቄ፦ «የሶሺዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ለሴሚናር የማክስ ዌበርን ሐሳብ እያዘጋጀሁ ነው። ያገኘሁት ማስታወሻ ‹ፕሮቴስታንትነት ካፒታሊዝምን ፈጠረ› ይላል። ቤተ ክርስቲያንም ስሄድ የምዕራባውያን ሀብት የእምነታቸው ፍሬ ነው ሲባል እሰማለሁ። መምህሬ ግን ሐሳቡ ድሮ ውድቅ ሆኗል ብለውናል። የትኛውን ልያዝ? ተማሪው፣ ከሐዋሳ»

ምላሽ፦ ሁለቱንም አትያዝ። ጀርመናዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር ዌበር ፕሮቴስታንትነት ካፒታሊዝምን ፈጠረ አላለም። እንዲያውም እንዲህ ብሎ መደምደም ከንቱ ድርቅና መሆኑን እዚያው ጽሑፉ ውስጥ አስፍሯል። ባንክም ሆነ ትልልቅ የንግድ ማኅበራት ከሉተር በፊት እንደነበሩ አሳምሮ ያውቃል። መምህርህ ደግሞ በግማሹ ልክ ናቸው። ከሙግቱ የወደቀ አለ፤ እስካሁን ቆሞ ያለም አለ። ችግሩ፣ ብዙ ሰው የሚደግፈውም የሚቃወመውም ዌበር ያላለውን ነገር መሆኑ ነው።

«የፕሮቴስታንት ሥነ ምግባርና የካፒታሊዝም መንፈስ» የተባለው ጽሑፉ በ1904 እና በ1905 በአንድ የጀርመን የጥናት መጽሔት ላይ በሁለት ክፍል ወጣ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1920፣ ማለትም በሞተበት ዓመት፣ አስፋፍቶ አዘጋጀው። ጥያቄው «ገንዘቡ ከየት መጣ?» አይደለም። «እንዲህ ዓይነት ሰው ከየት መጣ?» ነው። ገንዘብ የሚወድ ሰው በየአገሩና በየዘመኑ ነበረ። ዌበር የአውግስቡርጉን ባለጸጋ ያኮብ ፉገርን ያነሳል። ፉገር ካቶሊክ ነው። በቃህ፣ አሁን ዕረፍ ሲሉት እስከቻልኩ ድረስ አተርፋለሁ ብሎ መለሰ። ዌበር ይሄን የግል ድፍረትና ዝንባሌ ይለዋል። እሱ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው።

የሚፈልገውን ያገኘው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1748 ለአንድ ወጣት ነጋዴ በጻፈው ምክር ውስጥ ነው። ጊዜ ገንዘብ ነው፤ ግማሽ ቀን ሥራ ፈትተህ ከተቀመጥክ ያወጣኸው የመዝናኛህን ዋጋ ብቻ አይደለም፣ ልታገኘው የነበረውንም ጭምር ነው፤ አበዳሪህ በጠዋት የመዶሻህን ድምፅ ከሰማ ስድስት ወር ይታገስሃል። ዌበርን የገረመው የምክሩ ብልጠት አይደለም። ድምፀቱ ነው። እዚህ ላይ ማትረፍ ግዴታ ሆኗል። ሥራ የፈታ ሰው ሞኝ ብቻ አይባልም፤ ጥፋተኛም ነው። ዌበር «የካፒታሊዝም መንፈስ» የሚለው ይሄን የግዴታ ስሜት ነው።

ታዲያ ግዴታው ከየት መጣ? መጀመሪያ ሉተር አለ። ጫማ ሰፊውም ገበሬውም በዕለት ሥራው እግዚአብሔርን ያገለግላል፣ ገዳም የገባ አይበልጠውም አለ። ቀጥሎ የካልቪን ተከታዮች መጡ። እነዚህ ማን እንደሚድን እግዚአብሔር አስቀድሞ ወስኗል ይላሉ። ቁርባንም፣ ንስሐ አባትም፣ ምጽዋትም ውሳኔውን አይለውጡም። እንዲህ ብሎ የሚያምን ሰው አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳዋል፤ እኔስ ከተመረጡት ነኝ? ካልቪን ራሱ መልሱን በእምነት ተወው። ተራው ምእመን ግን በዚህ መኖር ከበደው። ስለዚህ የኋላ መጋቢዎች፣ በተለይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የነበረው ሪቻርድ ባክስተር፣ የሚጨበጥ ምክር ሰጡ። በሥራህ ትጋ፤ ጊዜ አታባክን፤ ከሚያስፈልግህ በላይ አትተኛ፤ ራስህን በየቀኑ መርምር። ሥራው መዳንን አይገዛም። ጭንቀቱን ግን ያበርዳል።

እኛ ምናኔን የምናውቀው ዓለምን ትቶ በረሃ በመውረድ ነው። የዌበር ሙግት ልብ ያለው እዚህ ጋ ነው። ምናኔው ከገዳም ወጥቶ ገበያ ገባ ይላል። ሰውየው እንደ መነኩሴ ሰዓቱን ቆጥሮ ይሠራል፤ እንደ መነኩሴም አይንደላቀቅም። ብዙ እየሠራ ጥቂት ሲያወጣ ገንዘቡ ይጠራቀማል። የተጠራቀመው ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል። ከትውልዶች በኋላ እምነቱ ይቀዘቅዛል፤ ልማዱ ግን ይቀራል። ፍራንክሊን ላይ የደረስነው ያን ጊዜ ነው። አባቱ ጥብቅ ካልቪናዊ ነበር፤ እሱ ግን የአባቱን ሃይማኖት ትቶ ትጋቱን ይዟል።

የዌበር ሙግት ይሄ ነው። አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንሂድ።

በብዛት የምትሰማው ተቃውሞ የጊዜ ቅደም ተከተሉን ይመለከታል። የሜዲቺ ባንክ ፍሎረንስ ውስጥ የተቋቋመው በ1397 ነው። ዴቢትና ክሬዲት የሚመዘገብበትን የሂሳብ አያያዝ በ1494 ቬኒስ ላይ አሳትሞ ያሰራጨው ሉካ ፓቾሊ የፍራንሲስካውያን መነኩሴ ነው። ሉተር የተነሳው በ1517 ነው። በጣሊያኗ ፕራቶ የነበረው ነጋዴ ፍራንቼስኮ ዳቲኒ ደግሞ የሂሳብ መዝገቡን «በእግዚአብሔርና በትርፍ ስም» ብሎ ነበር የሚጀምረው። የሞተው በ1410 ነው። ይሄን ሁሉ ዌበር ላይ ብታነሳበት የሚያውቀውን ነው የምትነግረው። ግን ዳቲኒን በጥንቃቄ ተመልከተው። ሕሊናው ዕድሜ ልኩን ሲያስጨንቀው ኖሮ ሲሞት ሀብቱን ለድሆች ተናዘዘ። ዌበር ይሄን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። ለዳቲኒ ትርፍ ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር ነው፤ ለፍራንክሊን ግን ራሱ በጎ ምግባር ነው። ስለዚህ የጊዜው ተቃውሞ ተራውን አባባል ይጥለዋል፤ ዌበርን ግን እምብዛም አይነካውም።

የሚነካው ከወዲያኛው በኩል የሚመጣው ነው። ስኮትላንድ በ1560 ካልቪናዊ ሆነች። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ድሃ አገር ነበረች። ካቶሊኳ ቤልጂየም ደግሞ ከአውሮፓ ዋና ምድር ወደ ፋብሪካ ሥራ ቀድማ የገባች አገር ናት። የዌበር ደጋፊዎች «መንፈሱ ብቻውን በቂ ነው አላልንም» ብለው ይመልሳሉ። እሺ። ግን መንፈሱ ኖሮ ካፒታሊዝም ከቀረ፣ መንፈሱ ሳይኖርም ካፒታሊዝም ከመጣ፣ መንፈሱ በትክክል ምን ሠራ? ይሄን ለማወቅ አገርና አገር ማወዳደር አይጠቅምም። አንድ ሰው ላይ ወርደን እንየው።

ሮበርት ኬይን የለንደን ነጋዴና አጥባቂ ፒዩሪታን፣ ማለትም ከእንግሊዝ ጥብቅ ካልቪናውያን አንዱ፣ ነበር። በ1635 ወደ ቦስተን ሄዶ ሱቅ ከፈተ። ቦታውን ልብ በል። ዌበር ራሱ ቦስተን ያለችበትን ማሳቹሴትስን እንደ ማስረጃ ይጠራል፤ እዚያ ካፒታሊዝም ሳይመጣ መንፈሱ ቀድሞ ነበር ይላል። እንግዲህ በ1639 ኬይን ተከሰሰ። ክሱ እንደ ምስማር፣ ልጓምና የልብስ ቁልፍ ያሉ ተራ ሸቀጦችን አስወድዶ ሸጠ የሚል ነው። አገረ ገዢው ጆን ዊንትሮፕ በማስታወሻው እንደጻፈው፣ ከአንድ ሽልንግ ላይ ከስድስት ፔንስ በላይ አትርፏል። ሽልንግ 12 ፔንስ ነው። ስለዚህ ከ50 በመቶ በላይ ማለት ነው። በአንዳንድ ትንንሽ ዕቃ ላይ ደግሞ እጥፍ አትርፏል ተብሏል። መጀመሪያ 200 ፓውንድ ይቀጣ ተባለ። ኋላ ተቀንሶለት 80 ከፈለ።

ቅጣቱ በፍርድ ቤት አላበቃም። ቤተ ክርስቲያኑም ጠራው። ይባረር ያሉ ነበሩ፤ በተግሣጽ ታለፈ። ኬይን በጉባኤው ፊት እያለቀሰ ስግብግብ ልቡን አመነ። ከዚያ ሰባኪው ጆን ኮተን ተነስቶ የንግድ ሐሰተኛ መርሆችን ዘረዘረ። የመጀመሪያው፦ ሰው በቻለው መጠን አስወድዶ መሸጥ፣ በቻለው መጠን አርክሶ መግዛት ይችላል የሚለው። ሌላው፦ በባሕር ላይ ዕቃ የጠፋበት ነጋዴ በቀረው ዕቃ ላይ ዋጋ ጨምሮ ኪሳራውን ማካካስ ይችላል የሚለው። ዛሬ ማንም ባለሱቅ እንደ ተራ ነገር የሚያየውን አሠራር ኮተን ኃጢአት ብሎ ከመድረክ አወገዘው። ባክስተርም ቢሆን ዌበር የሚጠቅሰውን የትጋት ምክር በሰጠበት በዚያው ትልቅ መጽሐፉ፣ ነጋዴ የገዢውን ችግርና አለማወቅ እንዳይጠቀምበት ያስጠነቅቃል። ዌበር የመጀመሪያውን አጉልቶ ሁለተኛውን አደብዝዞታል። ለእኔ ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ጠንካራው ይሄ ነው። ፒዩሪታኖች ሥልጣን በያዙበት ቦታ፣ ገበያውን ልቀቁት የሚል ሳይሆን የተገባ ዋጋን በሕግና በጉባኤ የሚያስከብር ኅብረተሰብ ነበር ያቋቋሙት።

ታሪኩ ግን እዚህ አያልቅም። ኬይን በ1653 ኑዛዜ መጻፍ ጀመረ። ከ150 ገጽ በላይ ሆነ። አብዛኛው ራሱን የሚከላከልበት ነው፤ ቁስሉ ከ14 ዓመት በኋላም አልሻረም። የሚከላከልበትን ቃል ስታይ ዌበር ትዝ ይልሃል። ሰነፍና ሥራ ፈት ሆኜ አልኖርኩም፤ ጊዜዬን እንደ ውድ ነገር ቆጥሬ ተጠቅሜበታለሁ ይላል። የሂሳብ መዝገቦቹን ይቆጥራል፤ ሥርዓቱን ያሳያል። ከሃይማኖቱ ሳይወጣ፣ ትጋቱን የጽድቁ ምስክር አድርጎ ያቀርባል።

እኔ ከዚህ የምረዳው ይሄ ነው። እምነቱ ሁለት ነገር አንድ ላይ አስተማረው፤ ሳታርፍ ሥራ፣ ደግሞም ብዙ አታትርፍ። ዌበር የመጀመሪያው በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጫና በትክክል አይቷል። ሁለተኛው ግን ካፒታሊዝምን ያፈጠነ ሳይሆን ልጓም ያስገባ ነገር ነው። ልጓሙ ሲላላ ትጋቱ ብቻውን ቀረ። ልጓሙን ማን አላላው? ይሄን ለማወቅ ከስብከት ውጭ መሄድ ያስፈልጋል፤ ወደ አትላንቲክ ንግድ፣ ወደ ብድር፣ ወደ ሕግ። ዌበር እዚያ ሄዶ ማስረጃ አላመጣም። አብዛኛው ማስረጃው መጋቢዎች የመከሩት እንጂ ነጋዴዎች ያደረጉት አይደለም። ሰው የተመከረውን ሁሉ አያደርግም።

ሁለተኛው ከባድ ተቃውሞ በቁጥር ነው። ዌበር ጽሑፉን የሚከፍተው ተማሪው ማርቲን ኦፈንባኸር ባጠናቀረው በጀርመን የባደን ግዛት አኃዝ ነው። በ1895 ከባደን ሕዝብ 37 በመቶ ፕሮቴስታንት፣ 61 በመቶ ግድም ካቶሊክ ነበር። ለዘመናዊ ሙያና ለንግድ በሚያዘጋጁት ትምህርት ቤቶች ግን ፕሮቴስታንቶች ከድርሻቸው በላይ ናቸው። በአንዱ ዓይነት ትምህርት ቤት ሰንጠረዡ ፕሮቴስታንት 69፣ ካቶሊክ 31፣ አይሁድ 9 በመቶ ይላል። ደምረው። 109 ይመጣል። ስዊድናዊው የታሪክ ምሁር ኩርት ሳሙኤልሰን በ1957 ይሄን አወጣው። ትክክለኛው የፕሮቴስታንቶቹ ቁጥር 59 ነው። ስሕተቱ ከኦፈንባኸር ወደ ዌበር ተላልፎ ግማሽ ክፍለ ዘመን ዝም ብሎ ተቀምጧል።

እርግጥ 59ም ከ37 ይበልጣል። ሳሙኤልሰን ግን ቀጠለ። እነዚያ ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት የት ነው አለ። ፕሮቴስታንት በሚበዛባቸው አካባቢዎች ነው። ተማሪውን ከመላው ባደን ጋር ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ካለበት አካባቢ ሕዝብ ጋር ስታነጻጽረው ልዩነቱ በአብዛኛው ይጠፋል። ይሄ ስሕተት ዛሬም በየጥናቱ ይደገማል። «የእገሌ እምነት ተከታዮች በብዛት ተምረዋል» የሚል ቁጥር ስታይ፣ መጀመሪያ የት እንደሚኖሩ ጠይቅ።

ከዚያ ወዲህ የተሻለ ማስረጃ መጥቷል። ሳሻ ቤከርና ሉድገር ቮስማን በ2009 ባወጡት ጥናት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነበሩ 450 ያህል የጀርመኗን ፕሩሲያ ወረዳዎች መረመሩ። ፕሮቴስታንት የሚበዛባቸው በእርግጥም የተሻለ ኑሮ ነበራቸው። ነገር ግን ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሰው ብዛት ወደ ስሌቱ ሲገባ ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ተሟጠጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሉተር ምእመኑ መጽሐፍ ቅዱስን ራሱ እንዲያነብ ፈለገ፤ በ1524 የከተማ ምክር ቤቶች ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ ተማጸነ። ለነፍስ የተማሩት ፊደል ለገበያም ጠቀመ። ዳቪዴ ካንቶኒ ደግሞ በ2015 የ272 ጀርመን ተናጋሪ ከተሞችን ዕድገት ከ1300 እስከ 1900 ተከታተለ። ፕሮቴስታንት የሆኑት ከተሞች ከካቶሊኮቹ በተለየ አላደጉም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥህ። «ትምህርቱ ነው እንጂ ሃይማኖቱ አይደለም» ብለህ ነገሩን አትዝጋው። ትምህርቱን ያመጣው ሃይማኖቱ ከሆነ፣ ሃይማኖቱ ሚና አለው ማለት ነው፤ መንገዱ ግን ዌበር ያለው የነፍስ ጭንቀት አይደለም። በተጨማሪም በፕሩሲያ ምሥራቅ ከነበሩት ካቶሊኮች ብዙዎቹ ፖላንዳውያን ናቸው፤ በመንግሥቱ ዘንድ እንደ ባዕድ የሚታዩ። የእምነት የሚመስል ልዩነት የብሔርና የፖለቲካ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛውን ባጭሩ ልንገርህ። እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ሂዩ ትሬቨር ሮፐር፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በፕሮቴስታንት አገሮች ገንነው የወጡት ነጋዴዎች የአገሩ ተወላጆች አልነበሩም ይላል። ስደተኞች ነበሩ። አንትወርፕ በ1585 በስፔን እጅ ስትወድቅ ነጋዴዎቿ ሙያቸውንና ገንዘባቸውን ይዘው ወደ አምስተርዳም ጎረፉ። የስዊድንን የብረትና የመድፍ ሥራ ያሳደገው ሉዊ ደ ጊር የካቶሊኳ ከተማ የሊዬዥ ተወላጅ ነው። እነዚህ ሰዎች ሙያውን የያዙት ከድሮዎቹ የካቶሊክ የንግድ ከተሞች ነው። ያሳደዳቸው አዲሱ የካቶሊክ መንግሥታት ጥብቅነት ነው። በዚህ አያያዝ ዋናው ጥያቄ ፕሮቴስታንትነት ምን ጨመረ ሳይሆን ማን ነጋዴዎቹን አባረረ፣ ማንስ ተቀበላቸው የሚል ይሆናል። እኔ ይሄ ሙግት ለሆላንድና ለስዊድን አሳማኝ ነው እላለሁ። ለቦስተኑ ኬይን ግን ብዙ አይረዳም።

ቤተ ክርስቲያን የምትሰማውን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። ዌበርን ለብልጽግና ወንጌል ምስክር አድርጎ መጥራት ፈጽሞ ስሕተት ነው። እሱ የገለጻቸው ፒዩሪታኖች ሀብትን እንደ ተስፋ ቃል አልሰበኩም። ሀብት ያሰንፋል፣ ሥጋን ያባብላል ብለው ይፈሩት ነበር። ገንዘቡ የመጣው ሳይታሰብ ነው፤ ከትጋቱና ከቁጠባው። የሜቶዲስቶች መሥራች ጆን ዌስሊ፣ ሀብት በጨመረበት ቦታ ሁሉ ሃይማኖት በዚያው ልክ ይቀንሳል ብሎ ያዘነበትን ቃል ዌበር ራሱ ይጠቅሰዋል። በተጨማሪም ዌበር ስለ አንድ ዘመንና ስለ አንድ አካባቢ ነው የጻፈው። ካፒታሊዝም ከቆመ በኋላ የሃይማኖት ድጋፍ አያስፈልገውም ይላል፤ ሰው ወደደም ጠላ ይገባበታል። ስለዚህ ዛሬ ሐዋሳ ላይ ፕሮቴስታንቱ ከኦርቶዶክሱ ወይም ከሙስሊሙ ይልቅ ለንግድ ይሆናል ወይ ለሚለው ክርክር ከዌበር መልስ አታገኝም። ለዚያ የዛሬ መረጃ ሰብስብ።

ምክሬ ይሄ ነው። የሴሚናርህን ርእስ አጥብበው። «ፕሮቴስታንትነትና ካፒታሊዝም» ብለህ አትጀምር፤ «በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፒዩሪታኖች ዘንድ የትጋት ትምህርት የነጋዴን ጠባይ ለወጠ ወይ?» ብለህ ጀምር። የዌበርን ሙግት ከማስታወሻ ሳይሆን ከጽሑፉ ውሰድ፤ በተለይ ስለ ካልቪናውያን የሚያወራውን ምዕራፍና የመጨረሻውን ምዕራፍ አንብብ። ከዚያ የኬይንን ጉዳይ መሃል ላይ አድርግና ዌበር የሚያስረዳውንና የማያስረዳውን እዚያው ላይ ለይ። የባደኑን ሰንጠረዥ ለጉባኤው አሳይተህ ደምሩት በላቸው። መምህርህ ውድቅ ነው ካሉህ፣ የትኛው ክፍሉ ብለህ በትሕትና ጠይቃቸው። የአገርን ሀብትና ድህነት በእምነት የሚያስረዳውን ክፍል ማለታቸው ከሆነ ተስማማ። እምነት የሥራን ትርጉም ለውጧል የሚለውን ማለታቸው ከሆነ ግን የኬይንን ኑዛዜ አምጥተህ ተከራከር።